200 በግ በ5 ደቂቃ፦ በሠራሁት አይድል ጌም ውስጥ የዋጋ ዕድገቱን ያስተካከልሁበት መንገድ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቀን ቀን ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ፣ የጠባሴ ብርድ ከቤት በማያስወጣበት ሰዓት፣ በስልክ ብሮውዘር የሚከፈት አንድ ትንሽ ጌም ስሠራ ከረምሁ። ጌሙ አይድል ጌም የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማለትም ተጫዋቹ ገቢ የሚያስገኝ ነገር ይገዛል፣ ገቢው ስልኩ ቢዘጋም ይቀጥላል፣ ተመልሶ ሲመጣ በተጠራቀመው ብር ሌላ ይገዛል። ታሪኩን ያገኘሁት ከአገሬ ነው። ተጫዋቹ በመንዝ አንድ በግ ይዞ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ፈታይ ይቀጥራል፣ ከዚያ ባና ሸማኔ፣ የገበያ ድንኳን፣ የጭነት መኪና፣ በመጨረሻም ፋብሪካ ይገዛል።

ጌሙን ለሙከራ ከሰጠኋቸው ሰዎች አንዱ መሐል ሜዳ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነበር። ማታ ከፍቶት በማግስቱ ከምሳ በፊት ደወለልኝና «ጋሼ፣ ሁሉንም ጨረስኩ፤ ከዚህ በኋላ ምን ልግዛ?» አለኝ። እኔ ለሦስት ሳምንት ይበቃል ብዬ ያሰናዳሁትን በአንድ ሌሊትና በአንድ ጠዋት ጨርሶታል። ከሌሎቹ ሞካሪዎች የመጣው መልእክትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ጌሙ ከፋ ያለ የለም፤ ሁሉም የሚሉት «የሚገዛ ነገር አለቀ» ነው።

የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነበር፤ ብዙ ጀማሪ ይሠራዋል ብዬ ስለምገምት ልንገራችሁ። የሚገዛ ነገር ካለቀ የሚገዛ ነገር ልጨምር ብዬ ሦስት አዳዲስ ዕቃዎች አስገባሁ፤ የእያንዳንዳቸውን መነሻ ዋጋ ከቀዳሚው አሥር እጥፍ አደረግሁት። ሁለት ማታ የፈጀብኝን ሥራ ተጫዋቾቹ በዚያው ዕለት ምሽት ጨረሱት። ዋጋን አሥር እጥፍ ማድረግ ለምን ምንም እንዳላቆያቸው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ምክንያቱን ለማየት ጌሙ ዋጋን እንዴት እንደሚያሰላ ማወቅ ያስፈልጋል። በእንደዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ የአንድ ዕቃ ዋጋ በተገዛ ቁጥር በተወሰነ መቶኛ ይጨምራል። የእኔ በግ መነሻ ዋጋው 20 ብር ሲሆን በእያንዳንዱ ግዥ በ3 በመቶ እንዲወደድ አድርጌ ነበር። አንድ በግ በሴኮንድ ግማሽ ብር ያስገባል፤ በተጨማሪም በጎቹ 25፣ 50፣ 75 እያሉ በሞሉ ቁጥር የሁሉም በጎች ገቢ እጥፍ ይሆናል። ለሌሎቹም ዕቃዎች ያው ደንብ ነበር፤ የሚለየው መነሻ ቁጥራቸው ብቻ ነው።

3 በመቶን የመረጥሁት በስሌት ሳይሆን በስሜት ነው። ጌሙን ራሴ እየከፈትሁ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እጫወታለሁ፣ የዘገየ ሲመስለኝ ቁጥሩን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ። በዚህ አኳኋን ከሃምሳ ጊዜ በላይ ጀምሬዋለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን እስከ መጨረሻው አልተጫወትሁትም። መጀመሪያው አካባቢ ገቢው ትንሽ በመሆኑ የትኛውም ቁጥር ቀርፋፋ ይመስላል፤ እኔም ያንን ቀርፋፋነት ስፈራ ኋላ የሚመጣውን በሙሉ አረከስሁት።

መፍትሔው የተጀመረው ሒሳብ ከሚያስተምር ወዳጄ ጋር ሻይ ስንጠጣ ነው። የዋጋውን ሠንጠረዥ አሳየሁትና 200ኛው በግ ከ7 ሺህ ብር በላይ እንደሚያወጣ፣ ይህም ከመነሻው 20 ብር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ውድ እንደሆነ ነገርሁት። እሱ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ዋጋውን ብቻ ምን ታያለህ? በዚያን ሰዓት ባለው ገቢ አካፍለውና ስንት ሴኮንድ እንደሚያስጠብቅ ንገረኝ» አለኝ።

እዚያው በስልኬ አካፈልሁት። 10 በግ ያለው ሰው ቀጣዩን ለመግዛት 5 ሴኮንድ ተኩል ያህል ይጠብቃል። 50 በግ ያለው ሰው ዋጋው ወደ 88 ብር ሲደርስበት በሴኮንድ 100 ብር ስለሚያገኝ አንድ ሴኮንድ እንኳ አይጠብቅም። 100 ላይ ግማሽ ሴኮንድ ነው። 200 ላይ ዋጋው 7,387 ብር፣ ገቢው ግን በሴኮንድ 25,600 ብር ስለሆነ ጥበቃው ከሴኮንድ ሲሶ በታች ይወርዳል። ዋጋው እየጨመረ፣ ጥበቃው እያጠረ ይሄዳል ማለት ነው። ተጫዋቹ ባደገ ቁጥር ጌሙ ይረክስበታል፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ሥራው ጣቱን ቁልፉ ላይ አኑሮ መያዝ ብቻ ይሆናል።

ይህ ለምን እንደሚሆን የሚያሳየው ስሌት ቀላል ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቁጥር ከማስገባቴ በፊት እሠራዋለሁ። ዋጋው በአንድ በግ 3 በመቶ ያድጋል። ገቢው በአንድ በግ በስንት ያድጋል? ገቢውን የሚያሳድጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ25 በግ አንዴ የሚመጣው እጥፍ ነው፤ ይህን እጥፍ በ25ቱ በጎች ላይ እኩል ብናከፋፍለው ለእያንዳንዱ በግ የሚደርሰው ማባዣ 2^(1/25) ይሆናል፣ ማለትም 1.028። ስለዚህ እጥፉ ብቻውን በየበጉ የ2.8 በመቶ ዕድገት ነው። ሁለተኛው አዲሱ በግ ራሱ የሚያመጣው ገቢ ነው፤ 100 በግ ባለበት አንድ ሲጨመር 1 በመቶ ይመጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 3.8 በመቶ ይሆናሉ። ዋጋው በ3፣ ገቢው በ3.8 እያደገ እንዴት ያስጠብቃል?

አዲሱ በግ የሚያመጣው ድርሻ በጎቹ ሲበዙ እያነሰ ስለሚሄድ አንድ ቀን ዋጋው ገቢውን መቅደሙ አይቀርም። በእኔ ቁጥር ግን ያ ቀን የሚመጣው ወደ 550ኛው በግ አካባቢ ነው፤ የጌሙ ግቦች በሙሉ ደግሞ 200 ላይ ያበቁ ነበር። ጌሙ መክበድ የሚጀምርበት ቦታ ጌሙ ካለቀበት ቦታ በጣም ርቆ ነበር ማለት ነው። አሥር እጥፍ ያወጣኋቸው አዳዲስ ዕቃዎች ለምን እንዳላቆዩም እዚህ ላይ ግልጽ ሆነ። ከ100 ወደ 125 በግ ለመሄድ 15 ሴኮንድ ያህል ብቻ ይፈጃል፣ በዚያም ገቢው ከእጥፍ በላይ ያድጋል። በአሥር እጥፍ የራቀ ዋጋ በዚህ ፍጥነት አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆይም።

ይህን በዓይኔ ለማየት አጭር ኮድ ጻፍሁ። ተጫዋቹ በግ ብቻ እየገዛ፣ ብሩ በሞላለት ቅጽበት ሳይዘገይ እየገዛ ቢሄድ፣ ከ1 በግ ወደ 200 በግ ለመድረስ ስንት ሴኮንድ እንደሚወስድበት ይደምራል።

```
const RATE = 1.03;
let t = 0;
for (let n = 1; n < 200; n++) {
  const cost = 20 * Math.pow(RATE, n);
  const income = 0.5 * n * Math.pow(2, Math.floor(n / 25));
  t += cost / income;
}
console.log(t / 60);
```

መልሱ ከ5 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ውስጥ ሦስት ደቂቃው የሚያልፈው የመጀመሪያዎቹን 25 በጎች በመግዛት ነው፤ የቀሩት 175 በጎች በሁለት ደቂቃ ከምናምን ያልቃሉ። እኔ ሃምሳ ጊዜ ደጋግሜ የተጫወትሁት፣ ቀርፋፋ ነው ብዬ የፈራሁት ያንኑ የመጀመሪያውን ሦስት ደቂቃ ነበር።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ወደ ተቃራኒው ጫፍ መሮጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኩኪ ክሊከር የሚባለው የታወቀ ጌም የሕንፃዎቹን ዋጋ በየግዥው በ15 በመቶ እንደሚያሳድግ አውቅ ነበር። ያ ለእነርሱ ከሠራ ለእኔም ይሠራል ብዬ 1.03ን በ1.15 ተካሁት። ሞካሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ወደዱት፤ በሁለተኛው ቀን ዝም አሉ። የእጅ ስሌቱ የዝምታቸውን ምክንያት ወዲያው አሳየኝ። በ1.15 ከ50 በግ በኋላ ቀጣዩን ለመግዛት ወደ 4 ደቂቃ ገደማ ይጠበቃል፣ 75 ላይ 40 ደቂቃ ይሆናል፣ 100 ላይ ግን አንዱ በግ ብቻ 8 ሰዓት ያስጠብቃል። ፈታይና ሸማኔ ገቢ ቢያግዙም እነርሱም በዚያው 15 በመቶ ይወደዱ ስለነበር ሁሉም በአንድነት ቆሙ።

ኩኪ ክሊከር ውስጥ 15 በመቶ የሚሠራው ከሕንፃዎቹ ሌላ ገቢን ደጋግመው የሚያባዙ ብዙ ማሻሻያዎች ስላሉት ነው፤ ገቢው ዳገቱን ብቻውን አይወጣውም፣ የሚጎትተው ነገር አለ። አድቬንቸር ካፒታሊስት በተባለው ጌም ደግሞ የመጀመሪያው ንግድ፣ የሎሚ ጭማቂው፣ በ7 በመቶ ሲወደድ ሁለተኛው፣ የጋዜጣ ሥራው፣ በ15 በመቶ ይወደዳል፤ በአንድ ጌም ውስጥ እንኳ ቁጥሩ አንድ አይደለም። የሌላውን ጌም የዋጋ መጠን ያለ ማባዣዎቹ ነጥሎ መውሰድ የወጡን ጨው ብቻ ለክቶ ድስቱን ሳያዩ እንደመጨመር ነው። እኔ በ25 በግ አንዴ ከሚመጣው እጥፍ በቀር ሌላ ማባዣ አልነበረኝምና የምመዝነው ከእርሱ ጋር ብቻ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ አካሄዴን ገለበጥሁት። ቁጥሩን መርጬ ምን እንደሚያመጣ ከማየት ይልቅ ምን ያህል ጊዜ እንዲቆይ እንደምፈልግ አስቀድሜ ወሰንሁና ቁጥሩን ከዚያ ፈለግሁ። የፈለግሁት ይህ ነበር፦ የመጀመሪያዎቹ 25 በጎች በአንድ ሻይ ጊዜ እንዲያልቁ፣ 100ኛው በግ በዚያው ምሽት እንዲገኝ፣ 200ኛው ግን በጉ ብቻውን ቢሆን የአንድ ቀን ሥራ እንዲሆን። በኮዱ ውስጥ RATE የሚለውን ቁጥር ብቻ እየቀያየርሁ አስኬድሁት። 1.05 አሁንም ረከሰብኝ፤ 1.10 መካከሉ ላይ ከበደ፤ 1.07 ላይ ቆምሁ።

በ1.07 ያገኘሁትን ልዘርዝረው፤ ቁጥሩ ከ3 ወደ 7 በመቶ ብቻ ተቀይሮ የጌሙ መልክ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚታየው እዚህ ነውና። ከ1 ወደ 25 በግ የሚፈጀው 4 ደቂቃ ከምናምን ነው፤ በአሮጌው ቁጥር 3 ደቂቃ ነበር፤ ስለዚህ እኔ እጅግ የፈራሁለት አጀማመር የተጎዳው በአንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ከ75 ወደ 100 ለመድረስ 9 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከ100 ወደ 125 ደግሞ 20 ደቂቃ፣ ከ125 ወደ 150 44 ደቂቃ፣ ከ175 ወደ 200 ግን 4 ሰዓት። ጠቅላላው ከ5 ደቂቃ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ዘለለ። በወዳጄ ስሌት ብናየውም ነገሩ ይገጥማል፤ ዋጋው በ7 በመቶ ሲያድግ እጥፉ የሚመልሰው 2.8 በመቶ ብቻ ነው፣ የቀረውን አዲሱ በግ መሸፈን የሚችለው እስከ 25ኛው በግ አካባቢ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥበቃው ቀስ እያለ ይረዝማል።

ግብ የሚባለው ነገር የተመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው እንጂ አዲስ ዕቃ ስለጨመርሁ አይደለም። በአሮጌው ጌም 25፣ 50፣ 75 የሚሉት እጥፎች ነበሩ፤ ነገር ግን በየ15 ሴኮንዱ ስለሚያልፉ ማንም አላያቸውም። አሁን 124 በግ ላይ የቆመ ሰው አንዱን በግ ለማግኘት አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይጠብቃል፣ ያንን ሲገዛ እጥፉ ይመጣና ቀጣዩ ወደ 47 ሴኮንድ ይወርዳል። ጥበቃው እንደ መጋዝ ጥርስ ቀስ ብሎ ይወጣና በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ተጫዋቹ ዳገቱን ያውቀዋል፣ ቁልቁለቱንም ይናፍቃል። እኔ የጨመርሁት ነገር ቢኖር ከበጉ ምስል ሥር «ለእጥፉ 7 በግ ቀርቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የተመሰገንሁበትም ይኸው መስመር ነው። ሦስቱን ተጨማሪ ዕቃዎች በኋላ አወጣኋቸው፤ አላስፈለጉምና።

ኮዱ የሚያሳየው በግ ብቻ የሚገዛን ሰው እንደሆነ መርሳት አይገባም። እውነተኛው ተጫዋች ፈታይም ሸማኔም ይገዛል፣ የእነርሱ ገቢ ለበጉ ይተርፋል፣ ስለዚህ ጌሙ ኮዱ ከሚለው ይፈጥናል። ይህን ለማየት ኮዱን ትንሽ አስፋሁት፤ በየቅጽበቱ ከስድስቱ ዕቃዎች መካከል ዋጋውን በፈጠነ ጊዜ የሚመልሰውን፣ ማለትም ዋጋው ለሚጨምረው ገቢ ሲካፈል ትንሹን ቁጥር የሚሰጠውን፣ መርጦ እንዲገዛ አደረግሁት። ያን ጊዜ የታየኝ ሌላ ችግር የሁሉም ዕቃ መቶኛ አንድ ዓይነት ከሆነ አዲሱ ዕቃ ከመጣ በኋላ በጉን ዞር ብሎ የሚያየው አለመኖሩ ነው። በጉን በ1.07 ትቼ ከበላዩ ካሉት አንዳንዶቹን ከፍ ወዳለ መጠን ወሰድኋቸው፤ ለምሳሌ ሸማኔውን ወደ 1.11። እነርሱ ቶሎ ሲወደዱ ተጫዋቹ እየተመለሰ በግ ይገዛል። ይህን ክፍል ገና እየነካካሁት ስለሆነ የመጨረሻ ቁጥር አልሰጥም።

ስልኩ ተዘግቶ ሳለ የሚጠራቀመው ገቢ ለብቻው ሊታሰብ ይገባዋል፤ የአክስቴ ልጅ ጌሙን በአንድ ሌሊት የጨረሰው በዚህ በኩል ነውና። በእኛ አካባቢ መብራት ሲሄድ ስልክ ስለሚዘጋ ተጫዋቹ እንዳይጎዳ ብዬ ያለ ገደብ ፈቅጄው ነበር። 100 በግ ያለው ሰው በሴኮንድ 800 ብር ያገኛል፤ 8 ሰዓት ቢተኛ 23 ሚሊዮን ብር ይጠብቀዋል። በ1.03 በዚያ ብር 253 በግ ይገዛል፤ ከእንቅልፉ ተነሥቶ አንድ ቁልፍ ሲነካ የጌሙን ግቦች በሙሉ አልፏቸው ይሄዳል ማለት ነው። በ1.07 ያው ብር የሚገዛው 67 በግ ነው፤ እጥፎቹን ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ ለጠዋት ስጦታ ጥሩ ነው፣ ግን ጌሙን አይገድለውም። ገደብ በ4 ሰዓት ላይ አድርጌ አይቼ ነበር። ማታ ተጫውቶ ጠዋት ለሚመለስ ሰው ቅር የሚያሰኝ ሆነና ወደ 8 ከፍ አደረግሁት፤ የዋጋው መጠን ከተስተካከለ በኋላ ገደቡ ያን ያህል ሥራ የሚሠራ አልሆነም።

ከሁሉ የከፋውን ራስ ምታት ያመጣብኝ ግን አዲሱን ቁጥር አስቀድመው ለሚጫወቱት ማድረስ ነው። የአክስቴ ልጅ በዚያን ጊዜ ዓላማ ባይኖረውም በግ መግዛቱን አላቆመም ነበርና 612 በግ ነበረው። RATE የሚለውን ብቻ ቀይሬ ብልክለት ኖሮ 613ኛው በግ በበጎቹ ገቢ ብቻ ቢገዛ 119 ዓመት ያስጠብቀው ነበር። ይህን ያገኘሁት ከመላኬ በፊት ስላካፈልሁ ነው፤ ባላካፍል ኖሮ የምሰማው ከእርሱ ነበር።

የወሰድሁት መንገድ የበጎቹን ቁጥር መመንዘር ነው። በአሮጌው ደንብ 612ኛው ላይ የደረሰው ዋጋ በአዲሱ ደንብ ስንተኛው በግ ላይ እንደሚገኝ መፈለግ ይቻላል፤ የሁለቱን መጠኖች ሎጋሪዝም ማካፈል ነው።

```
const yeni = Math.floor(old * Math.log(1.03) / Math.log(1.07));
```

የማካፈሉ ውጤት 0.437 ገደማ ስለሚሆን 612 በግ ወደ 267 በግ ይመነዘራል። እዚያ ላይ ቀጣዩ በግ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ ያስጠብቃል፤ ለጌሙ አንጋፋ ተጫዋች የሚገባ ጥበቃ ነው።

ያልታሰበኝ ነገር ብሩ ነበር። በጎቹን መነዘርሁ እንጂ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ብር እንዳለ ተውሁት። አሮጌው ገቢው በሴኮንድ ከ5 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር፣ አዲሱ ግን ወደ 137 ሺህ ወርዷል፤ ስለዚህ በአሮጌው ጌም የአንድ ሰዓት ገቢ ያልተመነዘረበት ሰው በአዲሱ ጌም 100 በግ በአንድ ጊዜ መግዛት ይችላል። ሁለት ሞካሪዎች ይህንኑ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ብርንም በጊዜ ለካሁት፦ ያለውን ብር በአሮጌው ገቢ አካፍዬ ስንት ሴኮንድ እንደሚሆን አገኘሁ፣ ያን ሴኮንድ በአዲሱ ገቢ አባዛሁት። የአንድ ሰዓት ገቢ የነበረው ሰው የአንድ ሰዓት ገቢ ይዞ ይቀጥላል፤ የሚቀየረው በብር የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

ስሌቱ ፍትሐዊ ቢሆንም ለተጫዋቹ ዓይን ግን እንዲያ አይደለም። አዲሱ ጌም በወጣበት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ከሦስት መቶ በላይ በጎቼን ማን ወሰዳቸው?» ዋጋው እኩል መሆኑን፣ የጥበቃው ጊዜ እንዲህ መሆኑን ላስረዳው ሞከርሁ፤ እሱ ግን የሚቆጥረው በግ ነው፣ ለመንዝ ልጅም በግ ሲጎድል የሚሰጥ ማብራሪያ የለም። የፈታሁት በሒሳብ ሳይሆን በስም ነው፦ የድሮ በጎች ላሏቸው ተጫዋቾች የቀድሞ ቁጥራቸውን የሚያሳይና ከገጹ የማይጠፋ «የድሮ መንጋ» የሚል ምልክት አወጣሁ። ገቢ አያመጣም፤ ቢያመጣ ኖሮ አሮጌውን ችግር በጓሮ በር መልሼ ባስገባሁት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያነሣብኝ የለም።

አሁን ጌሙ በራሱ የሚመዘግበው አንድ ነገር አለ፤ ተጫዋቹ በሁለት ግዥዎች መካከል ስንት ሴኮንድ እንደጠበቀ። በየሳምንቱ ያንን ከፍቼ የማየው አንድ ምልክት ፈልጌ ነው፤ ጊዜው በተከታታይ እያጠረ የሚሄድበት ዕቃ ካለ፣ የዚያ ዕቃ ማባዣ ዋጋውን ቀድሞታል ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ሆኖ የተገኘው የጭነት መኪናው ነው። ሳላስበው በ10 መኪና አንዴ እጥፍ እንዲሆን አድርጌው ኖሯል፤ 2^(1/10) ሲሰላ 1.072 ይሆናል፣ መኪናው ግን የሚወደደው በ7 በመቶ ነበር። እጥፉ ብቻውን፣ አዲሱ መኪና ከሚያመጣው ገቢ በፊት፣ ዋጋውን ያሸንፋል፤ እዚህ ላይ በጉ 550ኛው ላይ እንደሚከብደው የሚከብድበት ቁጥር ጨርሶ የለም። እጥፉን ወደ 25 መለስሁት። የአክስቴ ልጅ 40 መኪና ነበረውና ይህን ከመላኬ በፊት አስቀድሜ ደወልሁለት።